ሥራውን አልፈልገውም፣ ሪክሩተሯን ግን እፈልጋታለሁ፦ የትኛው «አይሆንም» ይሻላል?

ሥራ ሳትፈልጉ ሥራ ይመጣል። ሊንክዲን ላይ ስማችሁና የሥራ መደባችሁ ካለ፣ በተለይ ደግሞ በሒሳብና በፋይናንስ ሙያ ጥቂት ዓመት ከሠራችሁ፣ አንድ ቀን የማታውቁት ሰው «አንድ ጥሩ ቦታ አለ፣ ፍላጎት ካለዎት እንነጋገር» ብሎ መጻፉ አይቀርም። ታነባላችሁ። ቦታው አይሆንም። ወይ ሩቅ ነው፣ ወይ ደመወዙ አሁን ከምታገኙት ብዙም አይበልጥም፣ ወይ ድርጅቱን ከሩቅ ታውቁታላችሁ። ነገር ግን የጻፈላችሁ ሰው ነገ የሚሆናችሁን ቦታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ታዲያ ምን ብላችሁ ትመልሳላችሁ?

አማራጮቹ ብዙ አይደሉም። ዝም ማለት አለ። «ላስብበት» አለ። አጭር «አልፈልግም» አለ። ምክንያትና ቅድመ ሁኔታ ያለው «አይሆንም» አለ። ሌላ ሰው ጠቁሞ መውጣትም አለ። እዚህ የማወዳድረው እነዚህን ነው። ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር፦ አብዛኛውን ጊዜ የሚሻለው አራተኛው ነው፤ ብዙ ሰው በይሉኝታ የሚመርጠው ሁለተኛው ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። ከዝምታም ይብሳል።

መልሳችሁ የት ይጻፋል?

ይህን ካላወቅን ማወዳደሩ ዋጋ የለውም። የኤጀንሲ ሪክሩተር፣ ማለትም ለድርጅቶች ሠራተኛ ፈልጋ የምታቀርብ ሰው፣ ገንዘቧን የምታገኘው ከቀጣሪው ድርጅት ነው፤ ብዙ ጊዜም ሰው ተቀጥሮ ሥራ ሲጀምር። ስለዚህ ለአንድ ቦታ ብዙ ሰው ታያለች፣ ከዚያ ውስጥ ሦስት አራቱን ለድርጅቱ ታቀርባለች፣ የሚቀጠረው አንዱ ነው። የቀሩት የትም አይሄዱም፤ ዝርዝሯ ውስጥ ይቀመጣሉ። ዝርዝሩ በልዩ ሶፍትዌር ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ቦታ ግን ኤክሴል ነው። ስም፣ የሥራ መደብ፣ የአሁን ደመወዝ፣ የሚፈልገው ደመወዝ፣ የሚኖርበት ሰፈር፣ መቼ ሥራ መጀመር ይችላል የሚሉ አምዶች አሉት። መጨረሻ ላይ «ማስታወሻ» የሚል አለ።

በቅጥር ሥራ ላይ ሳለሁ አዲስ ቦታ ሲከፈት መጀመሪያ የማየው ይህንኑ የመጨረሻ አምድ ነበር። ሲቪውን እንደ አዲስ የሚያነብ የለም። ማስታወሻው «አይመልስም» ካለ አልፌ እሄዳለሁ። «አይፈልግም» ካለ፣ ምኑን እንደማይፈልግ ስለማላውቅ፣ መደወሉን እተወዋለሁ። «አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ፣ ከኅዳር በኋላ፣ ከ55 ሺህ ጀምሮ» የሚል ካገኘሁ ግን ስልኩን አነሳለሁ።

ስለዚህ ጥያቄው ጨዋነት ብቻ አይደለም። ጨዋነቱ የግድ ነው። በሩን ክፍት የሚያደርገው ግን እዚያች አምድ ላይ የሚገባ ነገር ሰጥታችሁ መውጣታችሁ ነው።

ዝምታና «ላስብበት»

ዝምታን ብዙ ሰው እንደ ስድብ ያየዋል። ሪክሩተሮች ግን ለምደውታል፣ አብዛኛው ሰው አይመልስላቸውም። ጉዳቱ ሌላ ነው፦ ምንም አይጻፍላችሁም። በኢንሜል፣ ማለትም በሊንክዲን ለማያውቁት ሰው በሚላከው መልእክት፣ የጻፈላችሁ ከሆነ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሪክሩተሮች ለእያንዳንዱ ኢንሜል ከተወሰነ ኮታቸው ላይ አንድ ክሬዲት ያወጣሉ። በ90 ቀን ውስጥ መልስ ከሰጣችሁ፣ መልሱ «አይ» ቢሆንም እንኳ፣ ክሬዲቱ ይመለስላቸዋል። ማለትም በአንዲት መስመር እምቢታ ውለታ ትሠራላችሁ። ዝም ስትሉ ኮታው ተበላ።

«ላስብበትና አሳውቃለሁ» ግን ሌላ ጣጣ አለው። እኛ ዘንድ ይህ ቃል «አይ» ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ የሰው ፊት አይቶ እምቢ ማለት ይከብደናል። ሪክሩተሯም ትጠረጥራለች። ግን መጠርጠር አይበቃትም፣ ድርጅቱ ስም እየጠየቃት ነው። ስለዚህ ስማችሁን «እያሰቡበት ነው» ብላ ታስገባለች። ከሁለት ቀን በኋላ ትደውላለች፣ ስብሰባ ላይ ነኝ ትላላችሁ። ሐሙስ ትጽፋለች፣ ሁለት ሰማያዊ ምልክት ታያለች እንጂ መልስ የለም። ሰኞ ድርጅቱ «ያቺ ልጅ ምን አለች?» ሲላት የምትመልሰው የላትም። ማስታወሻው ላይ የሚጻፈው ያን ጊዜ ነው፤ ጥሩ ነገር አይጻፍም።

በእርግጥ የምታስቡበት ጊዜ አለ። ከባለቤታችሁ ጋር መነጋገር ሊያስፈልግ ይችላል፣ የልጆች ትምህርት ቤት አለ፣ ብዙ ነገር አለ። ያን ጊዜ «ላስብበት» ነውር የለውም፣ ቀን ከተቆረጠለት። «እስከ ረቡዕ ከሰዓት ድረስ እነግርዎታለሁ» በሉ፣ ረቡዕ ከሰዓት ንገሩ። ረቡዕ መልሱ እምቢ ቢሆንም ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ተብላችሁ ትመዘገባላችሁ።

አጭሩ «አልፈልግም»

«አመሰግናለሁ፣ ለጊዜው ሥራ መቀየር አላሰብኩም። መልካም ሥራ ይሁንልዎ።» ንጹሕ መልስ ነው። ማንንም አያንከራትትም፣ አያስቀይምም። ቦታው ከሙያችሁ ጋር የማይገናኝ ከሆነ ይበቃል። የፋይናንስ ሰው ሆናችሁ የሽያጭ ወኪልነት ከመጣላችሁ ሦስት አንቀጽ መጻፍ አያስፈልግም።

ጉድለቱ «ለጊዜው» የሚለው ቃል ነው። ለእናንተ ትርጉም አለው፣ ለእሷ የለውም። ጊዜው መቼ ያልቃል? ሁለት ወር? ሁለት ዓመት? እንዲህ ያለ መልስ በሩን አይዘጋውም፣ ግን ማን መጥቶ እንደሚያንኳኳው አይታወቅም።

ምክንያትና ቅድመ ሁኔታ ያለው «አይሆንም»

አንድ ጉዳይ ላይ እንቆይ። አንዲት ጓደኛዬ በአንድ አስመጪ ድርጅት ዋና ሒሳብ ሹም ናት። ቤቷ አያት ነው፣ ቢሮዋ ቦሌ። ደመወዟ 38,000 ብር ግሮስ ነበር። ነሐሴ ውስጥ አንዲት ሪክሩተር ዱከም ባለ ፋብሪካ የፋይናንስ ኃላፊነት ቦታ ይዛ ጻፈችላት። 45,000 ብር ግሮስ፣ ቅዳሜ እስከ ምሳ ሰዓት ሥራ አለ፣ ሰርቪስ አለ።

ላይ ላዩን ሲታይ ሹመትም አለ፣ 7,000 ብርም አለ። ግን ጓደኛዬ ሒሳብ ሠራተኛ ናት፣ ቁጭ ብላ አሰላችው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደመወዝ 35 በመቶ ይቆረጥበታል፤ በዚያ ላይ የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ አለ። ስለዚህ በዚህ ደረጃ ላይ ከሚጨመር እያንዳንዱ ብር እጅ የሚገባው 58 ሳንቲም ነው። ከ38,000 ብር እጇ የሚገባው 24,090 ብር ነው፣ ከ45,000 ብር ደግሞ 28,150። ልዩነቱ 4,060 ብር። ለዚህ ብላ በየቀኑ ከአያት ዱከም ልትመላለስ፣ ቅዳሜዋንም ልትሰጥ። አላዋጣትም።

ይህን ስሌት የምነግራችሁ ለሌላም ነገር ስለሚያስፈልግ ነው። ሰው «ደመወዙ ከፍ ካለ እመጣለሁ» ሲል ከፍ ማለት ስንት እንደሆነ ራሱም አያውቀውም። እጄ ላይ 10,000 ብር ገደማ ካልተጨመረ ከቦታዬ አልነሳም ካላችሁ ግሮሱ በ17,000 ብር ገደማ ማደግ አለበት። ለጓደኛዬ ይህ ማለት 55,000 ብር ነው፤ እጇ የሚገባው 33,950። ስለዚህ መነሻዋን 55,000 አደረገችው። ሪክሩተሮች የሚያወሩት በግሮስ ነው። በተጣራ አስባችሁ በግሮስ ንገሯቸው፤ ቁጥር ስትጠሩ ደግሞ የትኛው እንደሆነ ግለጹ፣ አለዚያ 55,000 በእጅ የጠየቃችሁ ይመስላቸውና ከዝርዝሩ ያወጧችኋል።

ሌላም ነገር ነበራት። የሒሳብ ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቷል፣ የኦዲት ሥራ አለ፣ ደረጃ ሀ ግብር ከፋይ የሆነ ድርጅት ደግሞ ዓመታዊ ግብሩን የሚያሳውቀው እስከ ጥቅምት 30 ነው። በዚህ መሐል ጥሎ የሚሄድ ዋና ሒሳብ ሹም ስሙ በሙያው ውስጥ አይነሳም፤ ቢነሳም በደግ አይነሳም።

የጻፈችው ይኸው ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ስላሰቡኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ቦታውን አይቼዋለሁ፣ ይህኛውን ግን አልቀበለውም። የምኖረው አያት ስለሆነ ዱከም በየቀኑ መመላለስ አልችልም። አሁን ባለሁበትም እስከ ጥቅምት 30 ግብር የማሳወቅ ሥራ ላይ ነኝ። ከኅዳር ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ የፋይናንስ ኃላፊ ቦታ ከ55,000 ብር ግሮስ ጀምሮ ካለ ብሰማ ደስ ይለኛል። የምለቀው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ ነው። ለዚህ ቦታ መልካም ሰው እንዲያገኙ እመኛለሁ።»

አዩት፣ ረጅም አይደለም። «ይህኛውን ግን አልቀበለውም» የሚለው ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ አለ። እምቢታውን መጨረሻ ላይ አልደበቀችውም። ምክንያቷ ሊለወጥ የማይችል ነገር ነው፤ ቤቷን ካላዛወረች ዱከም አይቀርብላትም። ድርጅቱን አልነካችም። ከዚያ ቦታ፣ ጊዜ፣ የሥራ መደብ፣ ደመወዝ፣ የመልቀቂያ ጊዜ፣ አምስቱም ኤክሴሉ ላይ የሚገቡ ናቸው። የ30 ቀኑን ከኪሷ አላወጣችውም፤ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲለቅ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ነው።

ምክንያት አመራረጥ ላይ ትንሽ ልጨምር። ቦታ፣ የሥራ ሰዓት፣ የሥራው ዓይነት፣ ደመወዝ፣ ጊዜ ጥሩ ምክንያቶች ናቸው። «አለቃዬን አልከዳም» ጥሩ አይደለም፤ ነገም የማትከዱት ከሆነ ለምን ትደውላለች? «ስለ ድርጅቱ የሰማሁት ጥሩ አይደለም» ብሎ መጻፍም አደጋ አለው። ድርጅቱ ደንበኛዋ ነው፣ መልእክቱ በአንድ ጣት ፎርዋርድ ይደረጋል። የሰማችሁት ነገር እውነት ቢሆን እንኳ በጽሑፍ አታስቀምጡት።

የውሸት ምክንያት ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው። «እናቴ ታመው» ብላችሁ በሦስተኛው ሳምንት ሊንክዲን ላይ አዲስ ሥራ መጀመራችሁን ስትለጥፉ እሷም ታየዋለች፣ እንኳን ደስ አለዎት ብላ ላይክ ታደርጋለች፣ ከዚያ ምን እንደምትጽፍ እናንተ ገምቱ። የአዲስ አበባ የፋይናንስ ሰው እርስ በርሱ ይተዋወቃል።

ደመወዙን ብቻ ምክንያት ማድረግም ይቻላል፣ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ደመወዙ አነሰኝ» ካላችሁ ሪክሩተሯ ወደ ድርጅቱ ሄዳ ልታስጨምር ትችላለች፣ ሥራዋ ነው። ተጨምሮ ሲመጣ እምቢ ማለት ነው አስቀያሚው። ቢጨመርም የማትሄዱ ከሆነ ደመወዝን እንደ ምክንያት አታንሱ። ጓደኛዬ ዱከም 60,000 ቢሆንም አትሄድም ነበር፤ ለዚህ ነው ያስቀደመችው ቦታውን እንጂ ብሩን አይደለም።

ሌላ ሰው ጠቁሞ መውጣት

ይህ ብቻውን መልስ ሳይሆን ከሌላ መልስ ጋር የሚታከል ነገር ነው። ሲሠራ ግን በጣም ይሠራል። ሪክሩተሯ ሰው ትፈልጋለች፣ እናንተ ሰው ታውቃላችሁ። ቢሾፍቱ የሚኖር የድሮ የሥራ ባልደረባ ካለ ለእሱ ዱከም ቅርብ ነው።

ነገር ግን መጀመሪያ ሰውየውን ጠይቁት። ሳይጠየቅ ስልክ ቁጥሩ የተሰጠበት ሰው አለቃው አጠገብ ቁጭ ብሎ ሳለ ከሪክሩተር ስልክ ሊመጣበት ይችላል። እሺ ካለ ቁጥሩን ስጡ፣ ወይም የእሷን ቁጥር ለእሱ ስጡና ራሱ ይደውል። የሚያስተማምን ሰው ከሌላችሁ ደግሞ ለይሉኝታ ብላችሁ የአጎታችሁን ልጅ አታቅርቡ። የጠቆማችሁት ሰው ለኢንተርቪው ሳይመጣ ቢቀር እሱን የምታውቀው በእናንተ በኩል ብቻ ነው፣ ጥፋቱም በእናንተ በኩል ይመዘገባል።

ሲዘገይ ዋጋው ይጨምራል

እስካሁን ያወራነው ስለ መጀመሪያው መልእክት ነው። ሲቪ ልካችሁ፣ ተፈትናችሁ፣ ከዚያ ሐሳባችሁን ብትለውጡስ? ይሆናል፣ ነውርም የለውም። ግን የመልሱ መንገድ ይለያል።

ሲቪ ከላካችሁ በኋላ፣ ኢንተርቪው ሳይያዝ፣ ጽሑፍ ይበቃል። ከላይ ያለው ዓይነት መልእክት ላይ «ሲቪዬን ለድርጅቱ ካልላኩት ባይላክ፤ ከተላከም ስሜን ቢያወጡልኝ» የሚል መጨመር ነው። ይህን ካልጻፋችሁ ያልጠበቃችሁት ድርጅት ሊደውልላችሁ ይችላል።

ኢንተርቪው ተይዞ ከሆነ ቢያንስ ከቀጠሮው በፊት ባለው የሥራ ቀን ንገሩ። በማግስቱ ጠዋት ሦስት ኃላፊዎች ስብሰባቸውን ሰርዘው ይጠብቋችኋል። ሳይነግሩ መቅረት ከሁሉም ነገር በላይ በሩን የሚዘጋው ነው፤ እዚህ ላይ ምክር የለኝም፣ መድኃኒትም የለውም።

ኦፈር ከመጣ በኋላ ግን መጀመሪያ ደውሉ፣ ከዚያ ጻፉ። በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ። መጀመሪያ የሚሰማው ማን ነው? ሪክሩተሯ እንጂ ድርጅቱ አይደለም። ድርጅቱ ከእናንተ ሰምቶ ለእሷ ሲነግራት ደንበኛዋ ፊት ታፍራለች። ስልኩ ላይ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም፦

«ደህና ዋሉ፣ በጽሑፍ ከመላኬ በፊት ራሴ ልንገርዎ ብዬ ነው። ኦፈሩን አልቀበለውም። አሁን ያለሁበት ድርጅት ደመወዜን አስተካክሎልኛል፣ ለመቆየት ወስኛለሁ። የደከሙበት ነገር ስለሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ድርጅታችሁ አቆይቷችሁ ከሆነ እውነቱን ተናገሩ። ሪክሩተሮች ይህን ያውቁታል፣ ይጠብቁታልም። የሚያናድዳቸው ከመጀመሪያውም አለቃችሁን ለማስጨመሪያ ኦፈሩን ፈልጋችሁት እንደነበር ሲገባቸው ነው። እውነት ከሆነ እሱን የሚሸፍን ቃል የለም፤ ቢያንስ ሁለተኛ ጊዜ በዚያችው ሪክሩተር ላይ አታድርጉት።

ውል ፈርማችሁ ሥራ ሳትጀምሩ ብትተውትስ? በሕግ በኩል ብዙ ላይከብድ ይችላል፤ ሥራ ጀምሮ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ እንኳ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል፣ ሙከራውም ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው። ግን ያቺ ሪክሩተር እንደገና እንድትደውል አትጠብቁ። ያ በር ተዘግቷል፣ አውቃችሁ ዝጉት።

በስልክ፣ በቴሌግራም ወይስ በኢሜይል? አንቺ ወይስ እርስዎ?

ቀላሉ መመሪያ በመጡበት መንገድ መመለስ ነው። በቴሌግራም ከጻፈች በቴሌግራም፣ በኢሜይል ከጻፈች በኢሜይል። ከደወለች በስልክ መልሱ፣ ግን ከስልኩ በኋላ ያንኑ ነገር በሁለት መስመር ጽፋችሁ ላኩ። ምክንያቱም በስልክ የተናገራችሁት 55,000 መኪና ውስጥ ሆና ነው የሰማችው፤ የጻፋችሁት ግን ተፈልጎ ይገኛል።

አጠራሩ ላይ እርስዎ ብላ ከጻፈች እርስዎ በሉ። ወጣት ሆና «ሃይ፣ እንዴት ነህ» ብላ ከጀመረች በእርስዎ መመለስ ቀዝቃዛ ይሆናል፣ እንዳኮረፉ ያስመስላል። በአንቺ መልሱ። ኦፈር እምቢ በምትሉበት ቀን ግን አንቺ ስትሏት የቆያችሁትን ሰው ድንገት እርስዎ አትበሏት፣ የከሰሳችኋት ይመስላታል።

የሚያስቸግረው ሪክሩተሩ የምታውቁት ሰው ሲሆን ነው። የድሮ አለቃችሁ፣ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ፣ ወይም «ጋሼ» የምትሉት ሰው «እኔ እኮ ነኝ ስምህን የሰጠሁት» ሲል። እዚህ ላይ መልእክት አይበቃም። ደውሉ፣ ወይ ቡና ላይ ንገሩ። «ጋሼ፣ ስላሰቡልኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዱከም ግን አይሆንልኝም፣ እርስዎም ቃልዎን ሳይሰጡ ልንገርዎ ብዬ ነው» ይበቃል። የመጨረሻዋ ሐረግ ወሳኝ ናት፤ እሱ የሚፈራው እናንተን ማጣት ሳይሆን ከፍ ብሎ ቃል ገብቶ ማፈርን ነው።

ሠርቷል ወይስ አልሠራም?

ከመልሷ ይታወቃል። «እሺ» ብላ ወይም አውራ ጣት ልካ ካቆመች መልሳችሁ ለአምዱ የሚሆን ነገር አልነበረውም ማለት ሊሆን ይችላል። ጥያቄ ከጠየቀች፣ «ኅዳር መጀመሪያ ላይ ልደውል?» ወይም «55ቱ ከትራንስፖርት አበል ጋር ነው?» ካለች፣ ተመዝግባችኋል። የጓደኛዬ ሪክሩተር የጠየቀችው ይህንኑ የአበል ነገር ነበር፤ አበሉ ለብቻው እንዲሆን ተነጋገሩ።

ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ያላችሁት ቀን ሲደርስ አንድ መልእክት፦ «ነሐሴ ላይ እንደተነጋገርነው የግብር ሥራው ተጠናቋል፣ አሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።» የሥራ መደባችሁ ከተቀየረ ወይም ደመወዛችሁ ካደገ አንድ መልእክት፣ ምክንያቱም 55,000 የነበረው መነሻ አሁን አይሠራም። በቃ። በየበዓሉ አደይ አበባና ጧፍ ያለበት ምስል ለሁሉም ሰው የምትልኩትን ለእሷም መላክ ግንኙነት መጠበቅ አይባልም። ስልኳ ውስጥ የዚያን ቀን እንዲህ ያለ ምስል የላከ ብዙ ሰው አለ።

ሊንክዲን ላይ ሥራ ለመስማት ክፍት መሆናችሁን ለሪክሩተሮች ብቻ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል። የራሳችሁ ድርጅት ሪክሩተሮች እንዳያዩት ሊንክዲን ይሞክራል፣ ሙሉ በሙሉ ግን ዋስትና አይሰጥም። የእናንተ ኤችአር ከውጭ ኤጀንሲ ጋር የሚሠራ ከሆነ ወሬው ሊደርስ ይችላል። ለዚህ ነው ለአንዲት ሪክሩተር በግል የተነገረ ቅድመ ሁኔታ ከዚህ የሚሻለው።

ጓደኛዬጋ ኅዳር ላይ ስልክ መጣ። ሃያ ሁለት አካባቢ ያለ የንግድ ድርጅት፣ የፋይናንስ ኃላፊ፣ 48,000 ብር። ቦታው ሆነ፣ ብሩ አልደረሰም። ይህኛው እምቢታ ሁለት መስመር ብቻ ነበር፦ «ቦታውም ሥራውም ይስማማኛል፣ መነሻዬ ግን ያው 55,000 ነው። እዚያ ከደረሱ ነገውኑ ኢንተርቪው እመጣለሁ።» እዚህ ላይ ደመወዙን ብቻ ምክንያት ማድረጓ ትክክል ነው፣ ቢጨመር ትሄዳለችና። ድርጅቱ 52,000 ድረስ መጣና ቆመ። እሷም ቀረች። ሪክሩተሯ ግን ከዚያ ወዲህ ከ55,000 በታች ያለ ቦታ ይዛ ደውላላት አታውቅም፤ የምትደውለው ሲኖራት ነው።

በተቃራኒው፣ ሁኔታችሁን ነግራችሁም ያንኑ የዱከም ዓይነት ቦታ ደጋግማ የምታመጣ ካለች ማስታወሻ አትይዝም ማለት ነው። ለእሷ አጭሩ «አልፈልግም» ይበቃታል። አራተኛውን መልስ የሚያነበው ሰው ከሌለ ድካም ነው።

በሩ ክፍት መሆን የሌለበት ጊዜ

ሁሉም «ሪክሩተር ነኝ» ባይ ሪክሩተር አይደለም። የድርጅቱን ስም መጀመሪያ ላይ አለመናገር ብቻውን አያጠራጥርም፣ ብዙ ኤጀንሲዎች ደንበኛቸውን እስክትስማሙ አይጠሩም። ለመመዝገቢያ ወይም ለፎርም ብሎ ከእናንተ ብር የሚጠይቅ ግን ወጪው ከቀጣሪው የሚከፈለው ሰው አይደለም። ገና በመጀመሪያው መልእክት የመታወቂያ ፎቶና የባንክ ሒሳብ ቁጥር የሚጠይቅም እንዲሁ። የደመወዝ ማስረጃ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ እሱም ቢሆን ኦፈር ሲቀርብ እንጂ «ሰላም» በተባለበት ቀን አይደለም።

እንዲህ ላለው ሰው ምክንያት አትስጡ፣ ቅድመ ሁኔታም አትንገሩ፣ የጓደኛችሁንም ስልክ አታቀብሉ። ሰፈራችሁን፣ ደመወዛችሁንና የምትለቁበትን ቀን ለማያውቁት ሰው መንገር ነው የሚሆነው። እዚህ ላይ የሚሠራው የመጀመሪያው አማራጭ ነው፤ ዝም በሉ፣ ቁጥሩንም ብሎክ አድርጉ።